የ60,000 ብር ማስታወቂያ ከማዘዝዎ በፊት

«የቆዳ ቦርሳ አምርቼ አዲስ አበባ ውስጥ በፌስቡክና በኢንስታግራም እሸጣለሁ። አንዱን በ3,200 ብር እሸጣለሁ፤ ቆዳው፣ ዚፑና የእጅ ዋጋው 1,900፣ ማሸጊያው 50፣ የሞተር ማድረሻው 250 ብር ይፈጅብኛል። ከላክኋቸው አምስት ቦርሳዎች አንዱ ሳይወሰድ ይመለሳል፤ ያኔ የደርሶ መልሱ 400 ብር የኔው ዕዳ ነው። ሁለት ሠራተኞች አሉኝ፤ በሳምንት ቢበዛ 12 ቦርሳ ይደርስልናል። ባለፈው ወር በዶላር ካርድ በሚከፍልልኝ ልጅ በኩል 12,000 ብር አውጥቼ ቡስት አስደረግሁ። ላይኩ ብዙ ነበር፣ መልእክትም 140 መጣ፤ የተሸጠው ግን 6 ቦርሳ ብቻ ነው። አብዛኛው ሰው ‹ዋጋ ስንት ነው?› ብሎ ይጠፋል። ልጁ ‹ብሩ ስላነሰ ነው፤ ለፋሲካ 60,000 እናድርገው› ይለኛል። ፋሲካ ከሁለት ወር በላይ ይቀረዋል። በትንሽ ገንዘብ ልሞክር ብል ስንት ይበቃኛል? መቼ ልጨምር፣ መቼስ ላቁም?»

ቦርሳ ሠሪዋ፣ ከአዲስ አበባ

ውድ ጠያቂያችን፣

ለማስታወቂያ የሚመደበው ገንዘብ የሚወሰነው ከፌስቡክ ሳይሆን ከቦርሳው ሒሳብ ስለሆነ ከዚያው እንጀምር። ከመሸጫው ዋጋ ላይ የመሥሪያውን፣ የማሸጊያውንና የማድረሻውን ወጪ ሲቀንሱ 1,000 ብር ይተርፋል። ሆኖም ለእያንዳንዱ አራት ሽያጭ አንድ የባከነ ጉዞ ስላለ፣ ያ 400 ብር ለአራቱ ሲካፈል በእያንዳንዳቸው ላይ 100 ብር ይጨምራል። ስለዚህ ደንበኛው ተረክቦ ከከፈለበት አንድ ቦርሳ በእጅዎ የሚቀረው 900 ብር ነው። አንድ ገዢ ለማግኘት ለማስታወቂያ ከዚህ በላይ ካወጡ፣ ቦርሳውን ሠርተውና አድርሰው ሲያበቁ ከኪስዎ ጨምረው ሰጡት ማለት ነው። ይህን ቁጥር «ጣሪያ» እንበለው። ጣሪያው ላይ መሸጥም ቢሆን በነጻ መሥራት ነው፤ ስለዚህ ከእያንዳንዱ ቦርሳ ቢያንስ 300 ብር እንዲቀርዎ ከፈለጉ፣ ለአንድ ሽያጭ የሚያወጡት የማስታወቂያ ወጪ 600 ብር ገደማ መሆን ይኖርበታል። የሱቅ ወይም የመሥሪያ ቤት ኪራይ ካለብዎ ይህ 300 ብር ከፍ ሊል ይገባዋል፤ ያኔ 600ው ዝቅ ይላል።

በዚህ ሒሳብ ያለፈውን ወር ስንመዝነው፣ አንድ ሽያጭ 2,000 ብር አስወጥቶዎታል፤ በእያንዳንዱ ቦርሳ 1,100፣ በስድስቱ 6,600 ብር ከስረዋል። እንዲህ ያለ ማስታወቂያ ገንዘቡ አምስት እጥፍ ስላደገ አትራፊ አይሆንም። በዚያው አካሄድ 60,000 ብር ቢወጣ 30 ቦርሳ ይሸጣል፣ ኪሳራው ደግሞ 33,000 ብር ይደርሳል። ነገሩ ሁሉ ተሳክቶ አንድ ሽያጭ በ600 ብር ቢገኝልዎ እንኳ 60,000 ብሩ 100 ቦርሳ ይጠይቅዎታል፤ ይህም ለመሥሪያ ብቻ 190,000 ብር ካፒታልና፣ ሁለቱ ሠራተኞችዎ ያለ ዕረፍት ቢሠሩ፣ ከስምንት ሳምንት በላይ ጊዜ ማለት ነው። ልጁ ክፍያውን የሚቀበለው ከወጣው ማስታወቂያ በመቶኛ እየተሰላ ከሆነ፣ ምክሩን በቅንነት ቢሰጥዎም ጥቅሙ ከእርስዎ ጥቅም ጋር እንደማይገጥም ልብ ይበሉ።

አሁን ወደ 140ዎቹ መልእክቶች እንመለስ። አንዱ መልእክት 86 ብር ገደማ ስለፈጀ፣ ጣሪያው እንዳይጣስ ቢያንስ ከአስር ጠያቂ አንዱ መግዛት ነበረበት፤ የገዛው ግን ከ23 አንድ ነው። ሰዎቹ የጠፉበት ቦታ ደግሞ በደብዳቤዎ ውስጥ ግልጽ ነው፤ ዋጋውን ሲሰሙ ነው የጠፉት። «ዋጋ በኢንቦክስ» የሚለው የገበያችን ልማድ ያለ ማስታወቂያ ሲሸጡ ብዙም አይጎዳ ይሆናል፤ ማስታወቂያ ከተከፈለበት በኋላ ግን ለአንድ «ስንት ነው?» 86 ብር ያስከፍላል። ለመልእክት የተዘጋጀ ማስታወቂያ ሲያዙ የፌስቡክ ሥርዓት የሚፈልግልዎ መልእክት ይልካል ብሎ የገመተውን ሰው ነው፤ 3,200 ብር ያለውንና ቦርሳ የሚፈልገውን ለይቶ አያውቅም። ዋጋው ከተደበቀ ርካሹን መልእክት በገፍ ያመጣልዎታል፣ ሪፖርቱም ያማረ ይመስላል። ስለዚህ የመልእክት ዋጋ ረክሷል ተብሎ ብቻ ገንዘብ መጨመር አይገባም፤ ላይክማ ከሒሳቡም አይገባ።

ከዚህ በመነሣት ሙከራዎ አንድን ጥያቄ ብቻ እንዲመልስ አድርገው ያዘጋጁት፦ ዋጋው ማስታወቂያው ላይ ቢጻፍ አንድ ሽያጭ በስንት ብር ይገኛል? አንድ ዓይነት ፎቶና አንድ ዓይነት ጽሑፍ ያላቸው ሁለት ማስታወቂያዎች ያሠሩ፤ ልዩነታቸው በአንደኛው ላይ «3,200 ብር» ተብሎ መጻፉ ብቻ ይሁን። ፎቶውንም፣ ዋጋውንም፣ የሚታይበትንም ሰፈር በአንድ ጊዜ ከቀየሩ ለውጥ ሲመጣ ከየትኛው እንደመጣ ማወቅ አይቻልም። ማስታወቂያዎቹ በ«Boost Post» ቁልፍ ሳይሆን በፌስቡክ የማስታወቂያ ማስተዳደሪያ ገጽ፣ በ«Ads Manager» በኩል፣ እያንዳንዳቸው የየራሳቸው በጀት ተመድቦላቸው ይታዘዙ። ሁለቱ በአንድ በጀት ሥር ከሆኑ፣ ሥርዓቱ በጥቂት ቀናት ውስጥ አብዛኛውን ብር ርካሽ መልእክት ወደሚያመጣው ይወስደዋል፤ እርስዎ መፈተን የፈለጉት ባለዋጋው ማስታወቂያም በቂ ዕድል ሳያገኝ ይቀራል። የሚያደርሱት በከተማው ውስጥ ስለሆነ ቦታውን በአዲስ አበባ ይገድቡት።

ስንት ይበቃል ለሚለው፣ ለእያንዳንዱ ማስታወቂያ የጣሪያውን ሦስት እጥፍ፣ ማለትም 2,700 ብር ይመድቡ። ምክንያቱን ላብራራ። አንድ ማስታወቂያ በእውነት በየ900 ብሩ አንድ ሽያጭ የማምጣት አቅም ቢኖረውም፣ ሽያጮቹ በእኩል ርቀት ተሰልፈው አይመጡም፤ አንዳንዴ ሁለት ተከታትለው ይመጣሉ፣ አንዳንዴም ረጅም ዝምታ ይሆናል። እንዲህ ያለው ደህና ማስታወቂያ የመጀመሪያው 900 ብር ሲያልቅ አንድም ሳይሸጥ የመገኘቱ ዕድል ከመቶ 37 ያህል ነው። ስለዚህ «900 ብር በላ፣ ምንም አልሸጠም» ብለው የሚያጠፉ ከሆነ ከሦስት ደህና ማስታወቂያዎች አንዱን ያለ ጥፋቱ ይጥላሉ። 1,800 ብር ላይ ይህ ዕድል ወደ 14፣ 2,700 ብር ላይ ደግሞ ወደ 5 ይወርዳል። 2,700 ብር ወጥቶ አንድም ሽያጭ ካልተገኘ፣ ማስታወቂያው አይሠራም ብሎ ማጥፋት በቂ መሠረት ያለው ውሳኔ ነው። ከዚያ በታች ላለው ዝምታ ግን ይታገሡ።

ሁለቱ ማስታወቂያዎች በድምሩ 5,400 ብር ይወስዳሉ። በቀን ለእያንዳንዳቸው 270 ብር ቢሰጡ አስር ቀን ይቆያሉ። ሥርዓቱ በአንዳንድ ቀን ከዕለቱ በጀት አልፎ በሌላው ቀን ሊያካክሰው ይችላልና አንድ ቀን ከፍ ያለ ወጪ ቢያዩ አይደንግጡ፤ ይልቅ በማስታወቂያ አካውንቱ ላይ የጠቅላላ ወጪ ገደብ እንዲደረግልዎ ልጁን ይጠይቁት። በአስሩ ቀን ውስጥ ፎቶውን፣ ጽሑፉንም ሆነ በጀቱን አይነካኩ፤ ጉልህ ለውጥ ሲደረግ ሥርዓቱ ተመልካች የመለየት ሥራውን እንደገና ይጀምራል። «Learning limited» የሚል ጽሑፍ ሊመጣ ይችላል፤ ይህም በሳምንት ወደ 50 የሚጠጋ ውጤት ስላላገኘ አሠራሩ ገና አልተረጋጋም ማለት ነው። ለእርስዎ መጠን ላለ ሥራ ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ጽሑፉን ለማጥፋት ብለው ብቻ በጀት አይጨምሩ።

የሙከራው ግማሽ ሥራ ደብተሩ ላይ ነው። ፌስቡክ የሚያውቀው እስከ መልእክቱ ድረስ ብቻ ነው፤ በስልክ የተደረገውን ስምምነት፣ በር ላይ የተከፈለውን ብርና የተመለሰውን ቦርሳ አያይም። ስለዚህ በሁለቱ ማስታወቂያዎች ላይ «ኮድ 1» እና «ኮድ 2» የሚል መለያ ይጻፍ፤ የደወለም፣ የጻፈም ሰው የትኛውን ኮድ እንዳየ ይጠየቅ። በደብተሩ ላይ መልእክቱ የመጣበትን ቀን፣ ኮዱን፣ ምላሽ እስኪሰጥ የፈጀውን ጊዜ፣ መላኩንና ተረክቦ መከፈሉን ይመዝግቡ። እንደ ሽያጭ የሚቆጠረው የመጨረሻው ብቻ ነው። ወጪውንም በማያ ገጹ ላይ በሚታየው ዶላር ሳይሆን ለልጁ በቆጠሩለት ብር ይመዝግቡ፤ የእርሱ ምንዛሪና የአገልግሎት ክፍያ የሚታየው በብሩ ብቻ ነው። በዚሁ አጋጣሚ፣ ፔጁ በእርስዎ ስም መሆኑን ያረጋግጡ፤ ልጁ ማስታወቂያውን የማስተዳደርና ሪፖርቱን ለእርስዎ የማሳየት ፈቃድ ይበቃዋል፤ የይለፍ ቃልዎ አያስፈልገውም።

ምላሽ የሚሰጡበት ጊዜ ደብተሩ ላይ እንዲኖር የጠየቅሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ማታ ሦስት ሰዓት የጻፈች ሴት በማግስቱ ረፋድ ላይ መልስ ካገኘች፣ ያልገዛችው ማስታወቂያው ስለከፋ ነው ማለት አይቻልም። በአስሩ ቀን ውስጥ ለመልእክት ቶሎ የሚመልስ ሰው ከሌለ፣ ሙከራውን ሰው እስኪገኝ ማዘግየት ይሻላል።

አስሩ ቀን ካለቀ በኋላ ሳይቸኩሉ አምስት ስድስት ቀን ይጠብቁ፤ «ደመወዝ ሲገባ እወስዳለሁ» ያሉት ደንበኞች ገና አልገቡምና። የወሩ መጨረሻ በሙከራው ውስጥ እንዲወድቅ ቢያደርጉም መልካም ነው፤ ደመወዝ ባለቀበት ሳምንት ብቻ የተደረገ ሙከራ ቦርሳውን ከሚገባው በላይ የማይሸጥ ያስመስለዋል።

እንበልና ደብተሩ እንዲህ ወጣ። ዋጋ ያልተጻፈበት ማስታወቂያ 33 መልእክት፣ 1 ሽያጭ አመጣ። ዋጋ የተጻፈበት 18 መልእክት፣ 4 ሽያጭ አመጣ። በመልእክት ዋጋ ሲታይ የመጀመሪያው 82፣ ሁለተኛው 150 ብር ስለሆነ፣ ሪፖርቱን ብቻ የሚያይ ሰው ሁለተኛውን ያጠፋዋል። በሽያጭ ሲታይ ግን የመጀመሪያው 2,700፣ ሁለተኛው 675 ብር ነው። የመጀመሪያውን ያጥፉት፤ መረጃው እንዲቆይ ግን አይሰርዙት። እውነቱን ለመናገር አራት ለአንድ የሆነ ልዩነት የመጨረሻ ማረጋገጫ አይደለም፤ ሁለቱ ማስታወቂያዎች ፍጹም እኩል ቢሆኑም አንደኛው በዚህ ያህል ወይም ከዚህ በላይ በሆነ ልዩነት የመብለጥ ዕድሉ ከስምንት ሦስት ገደማ ነው። ይሁን እንጂ እርስዎ የሚወስኑት የሚቀጥለው 270 ብር ወዴት ይሂድ የሚለውን ነው፤ ለዚህ ውሳኔ ያለው መረጃ ይበቃል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚህ ላይ ነው፤ አራት ሽያጭ እንደታየ «ተገኘ!» ተብሎ ገንዘቡ ይፈሳል። አራት ሽያጭ ማስታወቂያውን ላለማጥፋት በቂ ነው፣ ገንዘብ ለማብዛት ግን አይበቃም። ስለዚህ ለአሸናፊው የተሸናፊውን በጀት ጨምረውለት፣ በቀን 540 ብር እያወጡ ሌላ አስር ቀን ያቆዩት። በጀቱ ስለተለወጠ የመጀመሪያዎቹ ሁለት ሦስት ቀናት ሊዋዥቁ ይችላሉ፤ ፍርድ አይስጡባቸው። በዚህ ዙር 5,400 ብር ወጥቶ 9 ቦርሳ ቢሸጥ፣ አንዱ ሽያጭ በ600 ብር ተገኘ ማለት ነው፤ ከመጀመሪያው ዙር ጋር ሲደመር 8,100 ብር ለ13 ሽያጭ፣ ማለትም ለአንዱ 623 ብር ይሆናል።

ውሳኔውን አሁኑኑ፣ ውጤቱን ሳያዩ፣ ደብተሩ ሽፋን ላይ ይጻፉት። የድምሩ ወጪ ለአንድ ሽያጭ ከ900 ብር ካለፈ ማስታወቂያው ይጠፋል። ከ650 እስከ 900 ባለው ውስጥ ከሆነ በጀቱ ባለበት ይቆያል፤ ይሻሻል የሚባለው ፎቶው፣ የምላሹ ፍጥነት ወይም በር ላይ የሚመለሰው ብዛት ነው። ከ650 በታች ከሆነ ይጨመራል። 650 ያልሁት ከዒላማዎ ጥቂት ከፍ አድርጌ ነው፤ በ13 ሽያጭ ላይ ተመሥርቶ 600ና 623ን መለየት አይቻልምና ለአንድ ቦርሳ ሲባል ዕድሉን መዝጋት ተገቢ አይደለም። ውሳኔውን አስቀድመው ይጻፉ ያልሁት፣ ገንዘቡ ከወጣ በኋላ ሁላችንም «ትንሽ ብንጠብቅ እኮ» ማለታችን ስለማይቀር ነው።

የሚጨመረው እንዴት ነው? በቀን 540 የነበረውን በአንድ ሌሊት ወደ 3,000 መውሰድ ሳይሆን፣ በየሦስት አራት ቀኑ አንድ አምስተኛ ያህል እየጨመሩ ይሄዳሉ፤ ይህ በሙያው የተለመደ ጥንቃቄ ነው እንጂ ሕግ አይደለም። ከመጠኑ ይልቅ ግን የሚጨመረው ብር የሚመዘንበት መንገድ ይበልጣል። በቀን 1,080 ብር ደርሰው በዚያ መጠን አስር ቀን ቢቆዩና በ10,800 ብር 14 ቦርሳ ቢሸጡ፣ ሪፖርቱ ለአንድ ሽያጭ 771 ብር ይላል፤ ከጣሪያው በታች ስለሆነ ደስ ያሰኛል። ነገር ግን በግማሹ ገንዘብ፣ በ5,400 ብር፣ 9 ይሸጡ ነበር። ስለዚህ የተጨመረው 5,400 ብር ያመጣው 5 ቦርሳ ብቻ ነው፤ አንዱ በ1,080 ብር። አማካዩ አትራፊ መስሎ ሳለ፣ በአዲሶቹ አምስት ቦርሳዎች ላይ በእያንዳንዳቸው 180 ብር ከስረዋል። በጠቅላላው ሲታይ በቀን 540 ብር ያወጡ ጊዜ በአስር ቀን 2,700 ብር ሲቀርዎት፣ እጥፍ ካወጡ በኋላ የቀረዎት 1,800 ብር ነው። ብዙ ሸጠው ያነሰ አተረፉ። እንዲህ ሲሆን ማስታወቂያው ይጥፋ ማለት ሳይሆን በጀቱ አትራፊ ወደነበረበት መጠን ይመለስ ማለት ነው።

ይህ የሚሆነው ሥርዓቱ መጀመሪያ ለመግዛት የቀረቡትን ሰዎች ስለሚያገኝና ገንዘብ ሲጨመር ወደ ራቁት ስለሚሄድ፣ ወይም ያንኑ ሰው ደጋግሞ ስለሚያሳይ ነው። የትኛው እንደሆነ ለማወቅ በሪፖርቱ ውስጥ «Frequency» የሚለውን ዓምድ ይመልከቱ፤ አንድ ሰው ማስታወቂያውን በአማካይ ስንት ጊዜ እንዳየው ይነግርዎታል። እርሱ በየሳምንቱ እያደገ የሽያጩ ዋጋም አብሮ ከወጣ፣ አዲስ ፎቶ ወይም ቦርሳው ሲከፈት የሚያሳይ አጭር ቪዲዮ ያስፈልጋል። እርሱ ሳያድግ ዋጋው ከወጣ ግን ችግሩን ከማስታወቂያው ውጭ ይፈልጉት፤ አንድ ሌላ ሻጭ ተመሳሳይ ቦርሳ በ2,600 ብር አውጥቶ ሊሆን ይችላል።

የምርት አቅምዎም ራሱን የቻለ ገደብ ነው። ከፌስቡክ ውጭ የሚሸጡትን ሳይጨምር፣ በሳምንት 12 ቦርሳ በ600 ብር ሒሳብ ቢሸጥ ማስታወቂያው የሚፈልገው 7,200 ብር፣ በቀን 1,000 ብር ገደማ ነው። ከዚያ በላይ የሚወጣው ብር የሚገዛው ያልተሠራ ቦርሳ ነው። የተሰለፈ ደንበኛ ደግሞ አይጠብቅም፤ ቦርሳው ሲዘገይ በር ላይ የሚመለሰው ከአምስት አንድ የነበረው ከሦስት አንድ ይሆንና፣ ያ 900 ብር ጣሪያ ራሱ ዝቅ ይላል። በመሆኑም በየወሩ መጨረሻ የመመለሻውን ቁጥር አይተው ጣሪያውን እንደገና ያስሉት፤ የቆዳ ዋጋ ሲጨምርም እንዲሁ።

ስለ ፋሲካው፣ ሁለቱን ዙሮች ከነጥበቃው አሁን ቢጀምሩ በአንድ ወር ያልቃሉ፤ ቀሪው ጊዜ ቀስ ብሎ ለመጨመር ይበቃል። ሙከራው ቢያንስ በከፊል በዐቢይ ጾም ውስጥ ስለሚሆን የበዓሉን ገበያ በትክክል አይነግርዎትም፤ በበዓሉ ዋዜማ ገዢው ይበዛ ይሆናል፣ ማስታወቂያ የሚያወጣው ሻጭም ስለሚበዛ ለመታየት የሚከፈለው ዋጋ ሊወደድ ይችላል። ስለዚህ በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ደብተሩን በየሦስት ቀኑ ይደምሩት። አስቀድመው ሠርተው ማስቀመጥ የሚችሉትን ያህል ቦርሳ አሁን ያስቀምጡ፤ በመደርደሪያው ላይ ያለውና እስከ ሰሙነ ሕማማት የሚደርሰው ተደምሮ ከታዘዘው ጋር እኩል በሆነበት ዕለት፣ ማስታወቂያው ምንም ያህል ቢያተርፍ፣ ያጥፉት።